የጠዋቱ 97 እና የእንጀራው ሚዛን

ጥያቄ፦ የ27 ሳምንት እርጉዝ ነኝ፣ የመጀመሪያዬ ነው። ባለፈው ሳምንት ጣፋጭ ፈሳሽ አጠጥተው ደሜን ሦስት ጊዜ ወሰዱ፤ በባዶ ሆድ 97፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 176፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 149 ሆነ። የእርግዝና ስኳር ነው ተባልኩ። ጎረቤቴ ግን ከ126 በታች ስኳር አይባልም ትላለች። እንጀራ ሙሉ በሙሉ ትቼ ጠዋት የአጃ ገንፎ በማር፣ ማታ ሰላጣ ብቻ እበላለሁ። እንዲያም ሆኖ በቤት መለኪያ ጠዋት 98፣ 101፣ 97 ይላል፤ ከቁርስ በኋላ 158 ደርሷል። ምን እያጠፋሁ ነው? የነቢያት ጾምም እየደረሰ ነው።

መልስ፦ ጎረቤትዎ የጠቀሷት 126 የፈጠራ ቁጥር አይደለችም፤ ግን እርጉዝ ላልሆነ ሰው የወጣች ናት። በእርግዝና የሚሠራበት መስመር ሌላ ነው። 75 ግራም ግሉኮስ ተጠጥቶ በሚደረገው ምርመራ በባዶ ሆድ 92 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 180 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 153 እና ከዚያ በላይ ከተገኘ የእርግዝና ስኳር ነው ይባላል (ሁሉም በሚሊግራም በዴሲሊትር)። ከሦስቱ አንዱ ማለፉ ይበቃል። የእርስዎ ሁለቱ ቁጥሮች ከመስመሩ በጥቂቱ ዝቅ ብለው ቢያመልጡም የባዶ ሆዱ 97 ብቻውን ውሳኔውን ሰጥቷል። በባዶ ሆድ 126 ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ 200 ቢገኝ ኖሮ ደግሞ ስሙ ይለወጣል፤ ያኔ ምናልባት ከእርግዝናው በፊት የነበረ፣ አሁን የተገኘ የስኳር በሽታ ነው ተብሎ ይያዛል፣ ክትትሉም ይጠብቃል።

መስመሩ ይህን ያህል ዝቅ ያለበት ምክንያት አለው። በ2008 የወጣ፣ በ9 አገሮች ከ23 ሺህ በላይ እርጉዞችን የተከታተለ ትልቅ ጥናት የእናቲቱ ስኳር ከፍ ባለ ቁጥር የልጁ ክብደት፣ በኦፕራሲዮን የመውለድ ዕድልና ልጁ እንደተወለደ ስኳሩ የመውረድ ችግር አብረው ደረጃ በደረጃ እንደሚጨምሩ አሳየ። «ከዚህ በታች ምንም የለም፣ ከዚህ በላይ አደጋ ነው» የሚያሰኝ ግድግዳ አልተገኘም። ስለዚህ ባለሙያዎች ተስማምተው መስመር ማስመር ነበረባቸው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2013 እነዚህኑ ቁጥሮች ተቀበለ። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶችዎ ሌላ ቁጥር ቢነግሩዎት አይደናገሩ። በአሜሪካና በእስራኤል በብዛት የሚሠራው በሁለት ደረጃ ነው፦ መጀመሪያ ሳይጾሙ 50 ግራም ይጠጣል፣ ቁጥሩ ከመስመሩ ካለፈ በሌላ ቀን 100 ግራም ተጠጥቶ ሦስት ሰዓት ይጠበቃል፤ በዚህኛው ሁለት ቁጥሮች ማለፍ አለባቸው። በእንግሊዝ ደግሞ የባዶ ሆዱ መስመር 5.6 ሚሊሞል ነው፣ በእኛ አቆጣጠር 101 ገደማ። በዚያ ሚዛን የእርስዎ 97 ከመስመሩ በታች ይሆን ነበር፤ ግን የሁለት ሰዓቱ መስመራቸው 7.8 (140 ገደማ) ስለሆነ በ149 ይያዙ ነበር። በእንግሊዝም ውጤቱ ያው ይሆን ነበር።

ምርመራው ራሱ ሊሳሳት ይችላል ወይ ከተባለ፣ አዎ፣ በሁለቱም በኩል። በጣም የተለመደው ስህተት ወደ ታች ነው። ደም በቱቦ ተቀድቶ ሳይለይ ከተቀመጠ ቀይ የደም ሕዋሶቹ ስኳሩን መብላታቸውን ይቀጥላሉ፤ በክፍል ሙቀት በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ይጎድላል። ስኳሩን ይጠብቃል የሚባለው ግራጫ ክዳን ያለው ቱቦ እንኳ በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሰዓታት መብላቱን አያስቆምም። የእርስዎ 97 ወረፋ ጠብቆ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቢለካ ኖሮ 91 ተብሎ «ደህና ነሽ» ሊባሉ ይችሉ ነበር። ስለዚህ ደሙ ቆይቶ ከሆነ እውነተኛው ቁጥር ከ97 ከፍ ያለ ነው እንጂ ዝቅ ያለ አይደለም። ወደ ላይ የሚያሳስቱትም አሉ። ከ8 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ስኳር ያለው ሻይ መጠጣት አንዱ ነው። ሌላው ያለጊዜ ምጥ ተፈርቶ ለልጁ ሳንባ የሚሰጠው የዴክሳሜታዞን መርፌ ነው፤ ለቀናት ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ከእነዚህ አንዱ ከነበረ ለሐኪምዎ ይንገሩ፣ ምርመራው ይደገማል። ካልነበረ ቁጥሩን ይቀበሉት።

እግረ መንገድ ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ነገር። ምርመራው ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት የሚደረገው ማታ ከ8 እስከ 14 ሰዓት ተጹሞ ነው፤ ከዚያ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት እንደ ወትሮው ይበላል። «ስኳሬ እንዲያምር» ብሎ እንጀራና ዳቦ ቀንሶ መሄድ ተገላቢጦሽ ይሆናል፤ ሰውነት ካርቦሃይድሬት ሲያጣ ቆይቶ ድንገት 75 ግራም ሲመጣበት ከወትሮው በላይ ይዘላል። ፈሳሹ ከ250 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ተበጥብጦ በ5 ደቂቃ ውስጥ ይጠጣል፤ ሰዓቱም መቆጠር የሚጀምረው ከመጀመሪያው ጉንጭ ነው። ዱቄቱ በላቦራቶሪ ሲመዘን የታሰረ ውሃ ያለበት ዓይነት ከሆነ 75 ሳይሆን 82.5 ግራም መሆን አለበት። ይህ ከተዘነጋ የሚጠጣው ግሉኮስ በዚያው መጠን ያንሳል። የተጠጣው በዚያው ሰዓት ውስጥ ከተመለሰ ምርመራው ፈርሷል፣ በሌላ ቀን ይጀመራል። የሦስት ወር አማካይ የሚያሳየው ኤችቢኤዋንሲ በዚህ ወቅት አያገለግልም፤ የብረት እጥረት ወደ ላይ፣ የእርግዝና ደም ቶሎ ቶሎ መታደስ ወደ ታች ይጎትተዋል። የሽንት ስኳርም እንዲሁ፤ በእርግዝና ኩላሊት ስኳርን በቀላሉ ስለሚያሳልፍ ጤነኛዋም ሽንቷ ላይ ይገኝባታል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፦ ምን እያጠፉ ነው? በሽታውን አላመጡትም። ከእርግዝናው አጋማሽ ጀምሮ የእንግዴ ልጁ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች የእናቲቱ ኢንሱሊን ሥራ እንዲከብደው ያደርጋሉ። ዓላማውም ስኳሩ በእናቲቱ ደም ውስጥ ትንሽ ቆይቶ ለልጁ እንዲደርሰው ነው። የአብዛኛዎቹ ቆሽት ኢንሱሊን ጨምሮ ያካክሳል፤ የአንዳንዶቹ አይደርስበትም። የእናት ስኳር በእንግዴ ልጁ ያልፋል፣ ኢንሱሊኗ ግን አያልፍም። ስለዚህ ትርፉን ስኳር የሚያስተናግደው የልጁ ቆሽት ነው፤ በሚያመነጨው ኢንሱሊን ልጁ በተለይ ሆዱና ትከሻው ላይ ይደልባል። እትብቱ ሲቆረጥ ስኳሩ ይቆማል፣ የለመደው ኢንሱሊን ግን ወዲያው አይቆምም፤ ስኳሩ የሚወርደውም ለዚህ ነው።

እርስዎ ማስታወሻ ላይ ያሉት ቁጥሮች ሁለት የተለያዩ ችግሮችን ነው የሚናገሩት፣ መፍትሔያቸውም የተለያየ ነው። በቤት የሚፈለገው በባዶ ሆድ ከ95 በታች፣ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ ከ140 በታች፣ ወይም በሁለት ሰዓት የሚለኩ ከሆነ ከ120 በታች ነው።

የጠዋቱን ልውሰድ። ጠዋት ያለው ስኳር ማታ የበሉት እንጀራ ትራፊ አይደለም። ሌሊቱን ጉበት ለአንጎልና ለልጁ የሚሆን ስኳር ይለቃል፤ ኢንሱሊን ሲደክም ማብዛቱን የሚነግረው የለም፣ ንጋት ላይ የሚነሡት ሆርሞኖችም ይጨምሩበታል። ማታ ሰላጣ ብቻ በልተው ሲተኙ የሚሆነው ይህ ነው፦ ጾሙ ይረዝማል፣ ጉበት መልቀቁን ይቀጥላል፣ ሰውነት ወደ ስብ ማቃጠል ይዞርና ኬቶን ይወጣል። ኬቶኑ ለልጁ የሚበጅ ነገር አይደለም። በሌላ በኩል 98 እና 101 አልወረዱም። ስለዚህ እራት ይመለስ፤ ከመኝታ በፊትም አነስ ያለች ነገር ትጨመር። አንድ ብርጭቆ ያልጣፈጠ ወተት፣ ወይም አንድ ቁራጭ ዳቦ ከኦቾሎኒ ቅቤ ጋር ትበቃለች። ከእሷ እስከ ቁርስ ያለው ጊዜ ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ ያድርጉ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ጠዋት ጠዋት 95 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በምግብ የሚስተካከለው አልቋል ማለት ነው፤ እሱን ከታች እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው 158 ነው፣ እሱ ግን ግልጽ የቁርስ ጥያቄ ነው። ጥሩ ጎድጓዳ ሳህን ገንፎ ውስጥ 80 ግራም ያህል ደረቅ አጃ ይገባል፤ ወደ 50 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ሌላ 17 ግራም ይጨምራል። ተፈጥሯዊ ቢሆንም ማር ለኢንሱሊን ስኳር ነው። በጠቅላላው 67 ግራም፣ ያውም በቀኑ ውስጥ ሰውነት ኢንሱሊንን ይበልጥ በሚቃወምበት ሰዓት። ለቁርስ ከ15 እስከ 30 ግራም መወሰን ይሻላል። ሁለት እንቁላል በቲማቲምና በቃሪያ ፍርፍር፣ ከአንድ መካከለኛ ቁራጭ ዳቦ (30 ግራም ገደማ፣ 15 ግራም ካርቦሃይድሬት) ጋር፣ ስኳር የሌለው ሻይ። አጃው የሚቀርብዎት ከሆነ 30 ግራም ደረቅ አጃ በወተት፣ ያለ ማር። ገንፎ፣ በሶ፣ ቅንጬ፣ አጥሚት ለእርጉዝ «ያበረታሉ» ተብለው ይቀርባሉ፤ ለቁርስ ግን ለእርስዎ የማይሆኑት እነሱ ናቸው። ጁስም እንዲሁ። ፍሬውን ያኝኩት፣ አንድ ብርቱካን ከምሳ በፊት፤ ጁስ ቤት በሦስት አራት ፍሬ የሚሠራው ብርጭቆ ግን ሌላ ነገር ነው።

እንጀራን መተው አልነበረብዎትም። ለእርጉዝ በቀን ቢያንስ 175 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋል፤ እሱን ከእንጀራ ውጭ ፈልጎ ማግኘት ለኢትዮጵያዊ ቤት አድካሚ ነው፣ ብዙዎችም በሳምንት ውስጥ ተሰላችተው ይተዉታል። ጥያቄው ስንት ነው የሚለው ነው። «አንድ እንጀራ» መለኪያ አይደለም፤ የምጣዱ ስፋትና የሊጡ ውፍረት ከቤት ቤት ይለያያል፣ ትልቁ የቤት እንጀራ ብዙ ጊዜ ከ300 ግራም በላይ ይመዝናል። ስለዚህ የወጥ ቤት ሚዛን ይግዙ፣ ባለ ዲጂታሉን። ሳህኑን አስቀምጠው ዜሮ ያድርጉት፣ እንጀራውን ቆርጠው ይጫኑ። በግምት ከክብደቱ ሲሶ የሚያህለው ካርቦሃይድሬት ነው፦ 100 ግራም እንጀራ 30 ግራም ገደማ፣ 120 ግራም 36፣ 150 ግራም 45። ሙሉው 350 ግራም ከሆነ ከ100 ግራም በላይ ነው፤ ሰባት ቁራጭ ዳቦ በአንድ መቀመጫ። ለምሳ ከ120 ግራም ይጀምሩ፤ አጣጥፈው ሲያዩት የትልቁ እንጀራ ሲሶ ገደማ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ያሳዝናል። ጥቁር ጤፍ ከነጭ የሚሻል ይመስላል፣ የብረትና የቃጫ ይዘቱም መልካም ነው፤ «ስኳር የለውም» የሚለው ግን ውሸት ነው። ሩዝ የተቀላቀለበት የሱቅ እንጀራ ደግሞ ነጣ ብሎ ለስላሳ ሲሆን መለኪያው ቶሎ ያስታውቀዋል።

ማዕድ ላይ የሚያስቸግር ነገር አለ። ትሪው የጋራ ነው፣ ጉርሻ ይመጣል፣ ጉርሻ ደግሞ አልተመዘነም። ያልበላ የሚመስለው ሰው አምስት ጉርሻ ሲቀበል 100 ግራም ሊደርስ ይችላል። በተለይ ወጥ የጠጣው ከሥር ያለ እንጀራ መጨረሻ ላይ ይበላል፣ ማንም አይቆጥረውም። ስለዚህ ድርሻዎ ለብቻ ሳህን ይውጣ፤ ለአማት ለእናት «ሐኪም አዟል» ማለት በቂ ነው፣ አጉራሹም አይከፋም። ሲበሉ ጎመኑን፣ እንቁላሉን ወይም ሥጋውን ያስቀድሙ፣ እንጀራውን ያስከትሉ፤ በዚህ ብቻ ከምግብ በኋላ ያለው የስኳር ጫፍ ዝቅ ሲል ይታያል። ከምግብ በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በዝግታ መራመድም ይረዳል፣ ግቢ ውስጥ ቢሆንም።

ከዚያ መለኪያው ይፍረድ። በአንድ ቀን 180 ግራም እንጀራ ከአንድ ጭልፋ ሽሮና ከጎመን ጋር ይብሉ፣ ከመጀመሪያው ጉርሻ አንድ ሰዓት ቆጥረው ይለኩ። በሌላ ቀን በዚያው ሰዓት ያንኑ ምግብ በ120 ግራም ይድገሙ። ለምሳሌ የመጀመሪያው 152፣ ሁለተኛው 133 ቢሆን፣ የእርስዎ ድንበር በሁለቱ መካከል ነው፤ 140 ግራም ይሞክሩ። በ120 ግራሙም ስኳሩ ከ140 ቢያልፍ ሽሮውን ይዩት። ሽሮ ዱቄት ነው፣ አንድ ጭልፋ ወፍራም ሽሮ ከ15 እስከ 20 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው። ሰው ሽሮን ወጥ ስለሆነ አይቆጥረውም።

ቀኑ በሙሉ እንዲህ ሊመስል ይችላል። ቁርስ እንቁላልና አንድ ቁራጭ ዳቦ፣ ሻይዋ ጋር አንድ ብርጭቆ ወተት ቢጨመር 25 ግራም ገደማ። ረፋድ አንድ ብርቱካንና እፍኝ ኦቾሎኒ፣ 20። ምሳ 120 ግራም እንጀራ፣ ሽሮ፣ ጎመን ወይም ሰላጣ፣ አይብ፣ 50 ገደማ። ከሰዓት በኋላ አንድ ብርጭቆ እርጎና ጥቂት ቆሎ፣ ከ20 እስከ 25። እራት 120 ግራም እንጀራ ከምስር ወይም ከሥጋ ጋር፣ አትክልት በብዛት፣ 50 ገደማ። መኝታ 15። ድምሩ 180 አካባቢ ነው፣ ከ175 አይጎድልም። ፕሮቲን በቀን 71 ግራም ያህል ይፈለጋል፤ እንቁላሉ፣ አይቡ፣ እርጎው፣ ምስሩና ሥጋው ተደምረው ይደርሱበታል። የብረትና የካልሲየም እንክብሎቹ አይቋረጡ፤ ሁለቱ ግን በተለያየ ሰዓት ይወሰዱ፣ ካልሲየም ብረትን ይገፋል። ቡና ላይ ስኳሩን ይቁጠሩት፤ አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ነው፣ ሦስት ማንኪያ በሦስት ስኒ ተባዝቶ 36 ግራም ይሆናል፣ የአንድ ምግብ እንጀራ ያህል።

ስለ አለካኩ ሁለት ነገር። ጣት በሳሙና ታጥቦ ይደረቅ፤ ብርቱካን የላጠ ጣት 98ን 130 ሊያስመስል ይችላል፣ አልኮልም ካልደረቀ ያሳስታል። የሚበጣው የጣት ጎን እንጂ ጫፉ አይሁን፤ ደሙን ጨምቀው አያውጡት። ማስታወሻ ላይ ደግሞ «2 ሰዓት» ብለው አይጻፉ፤ የቀኑ ሰዓት ይሁን ከምግብ በኋላ ያለው ሐኪሙ ሊያውቅ አይችልም፣ ይህ ስንት ጊዜ አሳስቷል። «ቁርስ + 1» ብሎ መጻፍ ይሻላል፣ ከጎኑ የበሉት ነገርና የእንጀራው ግራም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በቀን አራት ጊዜ፣ በባዶ ሆድና ከሦስቱ ምግቦች አንድ ሰዓት በኋላ መለካት ጥሩ ነው። ስትሪፕ ውድ ከሆነ ሁለት ያድርጉት፦ ጠዋት በየቀኑ፣ ሌላውን አንድ ቀን በቁርስ፣ አንድ ቀን በምሳ፣ አንድ ቀን በእራት ያዘዋውሩት። ጠዋቱን መዝለል ግን አይቻልም፣ የእርስዎ ደካማ ቦታ እሱ ነውና።

ጾሙን በተመለከተ። ለእርስዎ የሚያሰጋው ሰዓቱ ነው፤ እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ መቆየት ሌሊቱን ያስረዝማል፣ ከዚያም በአንድ መቀመጫ ብዙ ይበላል። ስለ ሰዓቱ ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ፤ ነፍሰ ጡር መሆንዎንና ሕክምናውን ይንገሯቸው። ሰዓቱ ተፈትቶልዎት ከሥጋና ከወተት ብቻ ከታቀቡ፣ የምግቡ ሒሳብ ይለወጣል። በፍስክ ቀን እንቁላል ያለ ካርቦሃይድሬት ፕሮቲን ይሰጣል፤ በጾም ቀን ፕሮቲኑን የሚያመጡት ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ሽምብራ ካርቦሃይድሬትም ይዘው ይመጣሉ። ስለዚህ ምስር ወይም ክክ በደንብ በተጨመረበት ቀን እንጀራው ከ120 ወደ 90 ግራም ይውረድ። ድንች ወጥ፣ ሩዝና ፓስታ ከእንጀራ ጋር አንድ ላይ አይቅረቡ። ቁርሱ ከባድ ነው፦ ስኳር ያልገባበት የኦቾሎኒ ቅቤ በአንድ ቁራጭ ዳቦ፣ ወይም ትንሽ የባቄላ ፉል ከቲማቲም ጋር። ሱፍ ፍትፍት ሲሠራ ማርና ስኳር አይግባበት፣ ውስጡ ያለው እንጀራም ይመዘን። የሚቀርብዎት ከሆነ ዓሣ ይረዳል። ጾሙን ሙሉ ያለ እንስሳት ተዋጽኦ ከሆነ ስለ ቫይታሚን ቢ12 ሐኪምዎን ይጠይቁ። አብሽና ሽፈራው ለስኳር ብለው እየጠጡ ምግቡንና መለካቱን አይተዉ፤ በተለይ አብሽን በብዛት መጠጣት በእርግዝና አይመከርም።

አንድ ወይም ሁለት ሳምንት እንዲህ ከተያዘ በኋላ ቁጥሮቹን ይዘው ወደ ሐኪምዎ ይሂዱ። ከምግብ በኋላ ያሉት ወርደው ጠዋቱ ግን አሁንም 95 እና በላይ ሆኖ ከተደጋገመ፣ ኢንሱሊን ይጀመራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ማታ ሲተኙ አንድ ጊዜ የሚወሰደው ኤንፒኤች ነው፣ መጠኑ ከትንሽ ተነሥቶ በጠዋቱ ቁጥር እየታየ ይስተካከላል። ኢንሱሊን በእንግዴ ልጁ አያልፍም፤ የሚዋጠው የስኳር መድኃኒት ሜትፎርሚን ግን ያልፋል፣ ስለዚህ አንዳንድ ሐኪሞች ኢንሱሊንን ያስቀድማሉ። «ኢንሱሊን የጀመረች አትተውም» የሚባለው ለዚህ አይሠራም፤ እንግዴ ልጁ ሲወጣ ብዙዎች በዚያው ቀን ያቆማሉ። ከኢንሱሊን ጋር ከ70 በታች መውረድ ስላለ ሲንቀጠቀጡና ሲያልብዎት ይለኩ፤ ከወረደ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ይጠጡ፣ 15 ደቂቃ ቆይተው ይለኩ፣ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ይድገሙት።

በዚህ መሀል የልጁ የሆድ ዙሪያ በአልትራሳውንድ ይታይ፤ ቁጥሩ ያማረ መስሎ ሆዱ ከዕድሜው በላይ እየሰፋ ከሆነ የቤቱ መለካት ላይ የሆነ ነገር አምልጧል። ከምግብ በኋላ ደጋግሞ ከ200 ካለፈ፣ ወይም ጠዋት 126 ከደረሰ፣ ቀጠሮ አይጠብቁ። ከ34ኛው ሳምንት በኋላ ያለ ምክንያት ስኳሩ ድንገት መውደቅ ከጀመረ ደግሞ ደስ አይበልዎ፤ እንግዴ ልጁ መድከሙን ሊያሳይ ስለሚችል በዚያው ቀን ይታዩ። የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ፣ ከባድ ራስ ምታትና ዓይን መብለጭለጭም እንዲሁ። በምግብ ብቻ የተያዘ ስኳር ግን ሌላ ችግር ካልመጣ ከ39ኛው ሳምንት በፊት ለማዋለድ ምክንያት አይሆንም፣ እስከ 40 ሳምንት ከ6 ቀን መጠበቅ ይቻላል።

ከወለዱ በኋላ ልጁ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ፣ ስኳሩም ይለካ። የእርስዎ ምርመራ ደግሞ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ በ75 ግራም ይደገማል፣ በዚህኛው የጎረቤትዎ 126 እና የሁለት ሰዓቱ 200 ናቸው መስመሮቹ። የልጁ የ6 ሳምንት ክትባት ቀን ይመቻል፦ ሳይበሉ ይሂዱ፣ መጀመሪያ ደም ይሰጡ፣ ፈሳሹን ይጠጡ፣ ከዚያ ልጁን ወደ ክትባት ክፍል ይውሰዱ። ሁለቱን ሰዓት እየተቀመጡ ማጥባት ይቻላል።